ሰባት ንዑስ ሥራዎች ያሸነፉበት ቀመር

ከአልጎሪዝም መማሪያ ገጽ ላይ በስልክ የተነሳ አንድ መልመጃ እንዲህ ይነበባል፦

```
T(n) = 7T(n/2) + n^2
```

ትእዛዙ አጭር ነው፤ በማስተር ቲዎረም ፍታ፣ የትኛው ኬዝ እንደሆነም ግለጽ። T(n) መጠኑ n የሆነ ሥራ የሚወስደው ጊዜ ነው። ሥራው በመጠን ግማሹን በሚያህሉ ሰባት ንዑስ ሥራዎች ይከፈላል፤ ለመክፈልና ውጤቱን ለማጣመር ደግሞ n^2 የሚያህል ድካም ይጨመራል። ቀመሩ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ፎልከር ስትራሰን እ.ኤ.አ. በ1969 ማትሪክሶችን የሚያባዛበት አዲስ ዘዴ ሲያቀርብ፣ በተለመደው መንገድ ስምንት የነበሩትን ንዑስ ብዜቶች ወደ ሰባት አወረዳቸው።

መፍቻው ንዑስ ሥራዎቹንና የማጣመሩን ድካም ማመዛዘን ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው 2 በስንት ከፍ ቢል 7 እንደሚሆን ነው። በ2 ከፍ ቢል 4፣ በ3 ከፍ ቢል 8 ስለሚሆን መልሱ በመካከል ይወድቃል፤ log_2 7 ወደ 2.81 ይጠጋል። ስለዚህ የሚነጻጸሩት n^2.81 እና n^2 ናቸው። የመጀመሪያው በግልጽ ይበልጣል፤ ኬዝ 1 ነው፣ መልሱም Θ(n^(log_2 7))። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ኬዝ 2 ሆኖ መልሱ በ log n ይባዛ ነበር፤ የማጣመሩ ድካም ቢበልጥ ወደ ኬዝ 3 ይኬድ ነበር።

ውጤቱን በቁጥር መፈተሽም ይቻላል። T(1) = 1 ቢባል T(2) 11፣ T(4) 93፣ T(8) 715፣ T(16) 5261 ይሆናል። n በእጥፍ ባደገ ቁጥር ጊዜው በስንት እንደሚባዛ ሲታይ 11፣ ከዚያ 8.5፣ ቀጥሎ 7.7፣ ከዚያም 7.4 ገደማ ነው። ወደ 7 እየወረደ ነው፤ ኬዝ 1 የሚለውም ይህንኑ ነው።

ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ከላይ የተጻፈችው ትንሿ ቁጥር ናት። 2 የመሰለችው 3 ብትሆን n^3 ከ n^2.81 ይበልጣልና መልሱ Θ(n^3)፣ ኬዝ 3 ይሆናል። ያኔ አንድ ተጨማሪ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ የሰባቱ ንዑስ ሥራዎች የማጣመር ድካም ተደምሮ 7(n/2)^3፣ ማለትም የ n^3 ሰባት ስምንተኛ ነው። ከአንድ ስለሚያንስ ሁኔታው ተሟልቷል።

ቲዎረሙ ወሰን አለው። በ 8T(n/2) + n^3 log n ላይ የማጣመሩ ድካም n^3ን የሚበልጠው በ log n ብቻ ነው፤ በ n ኃይል አይደለም። መሠረታዊዎቹ ሦስት ኬዞች ይህን አይሸፍኑም፤ ሰፋ ያለው የኬዝ 2 ቅርጽ ግን Θ(n^3 (log n)^2) ይሰጣል። ፎቶው ላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር ካልጠራች ኬዙን ከመሰየምዎ በፊት ገጹን ደግመው ያንሱት።