አንድ ደረጃ ብቻ ስላለው የንግድ ቤትና ስለ እሳት አደጋ

ምድር ቤቱ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ፣ ከበስተኋላው መጋዘን፣ ፎቁ ስድስት ሠራተኞች የሚውሉበት ጽሕፈት ቤት የሆነ ሕንፃ እንውሰድ። ወደ ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ አንድ ብቻ ሲሆን የሚነሣውም ከሱቁ መካከል ነው። በመጋዘኑ እሳት ቢነሣ ጢሱ በደረጃው በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ በፎቅ ያሉትም ነበልባሉን ሳያዩ መውጫ ያጣሉ።

ስለዚህ አስቀድሞ ደረጃውን በብሎኬት ግድግዳ ከሱቁ መለየትና በቀጥታ ወደ መንገድ የሚያወጣ በር ማበጀት ይገባል። በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን፤ ሰው በውስጥ ሳለ ጓጉንቸር አይንጠልጠልበት።

ይልቁንም የሚዘነጋው የመጋዘኑ ግድግዳ ነው። ግንበኛው ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ዘንድ ሲደርስ ያቆመዋል፤ ከታች ለሚያየው ሙሉ ይመስላል፤ ጢሱ ግን ከኮርኒሱ በላይ ይሻገራል። ባለቤቱ አንዱን የኮርኒስ ገበታ አስነሥቶ በባትሪ ይመልከት። ግድግዳው እስከ ፎቁ ሶሌታ ይድረስ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለፈበትም ቀዳዳ በሲሚንቶ ይደፈን። የመጋዘኑ በር በራሱ የሚዘጋ ይሁን፤ በጣቃ ተደግፎ ክፍት የሚውል በር እንደሌለ ይቆጠራል።

ለጨርቅ የሚሻለው የውሃ ማጥፊያ ነው፤ ዱቄት ነበልባሉን ቢያጠፋም በጣቃው ውስጥ የቀረው ፍም ተመልሶ ሊነድ ይችላልና። በኤሌክትሪክ ቆጣሪና ሽቦ ላይ ግን ውሃ አይረጭም፤ ለዚህ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ያስፈልጋል። ሁለቱም በመውጫው አጠገብ ይሰቀሉ፤ የሚያጠፋው ሰው በሩን ከኋላው ማድረግ አለበት። ባለ 9 ሊትሩ የሚረጨው አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ካልጠፋ የመጋዘኑን በር ዘግቶ መውጣት ነው።