ገደቡን ያላለፉ ነጥቦች የሚናገሩት

የፈረቃ ኃላፊው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ቻርት በስልኩ ያነሳና በቴሌግራም ለጥራት ክፍሉ ይልካል። ከሥሩም «ሁሉም ነጥብ ገደብ ውስጥ ነው፤ እንቀጥል?» የሚል ጥያቄ ያክልበታል። ቻርቱን የሚያውቅ ሰው ግን ፎቶውን አይቶ ቶሎ «ቀጥሉ» አይልም። ገደብ ውስጥ መሆን ብቻውን የምርት ሂደቱ እንደ ወትሮው ነው ማለት አይደለምና።

የቁጥጥር ቻርትን የፈጠረው አሜሪካዊው ዋልተር ሹዋርት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1924 የስልክ ዕቃ አምራች በነበረው ዌስተርን ኤሌክትሪክ ውስጥ ለአለቃው በጻፈው አጭር ማስታወሻ ላይ ነው ሐሳቡ መጀመሪያ የታየው። ማንኛውም ማሽን በየጊዜው ጥቂት ይዋዥቃል፤ ይህ ምንም አይደለም። ቻርቱ የሚሠራው ይህን የተለመደ መዋዠቅ እንግዳ ከሆነ ለውጥ ለመለየት ነው። መካከለኛው መስመር የሂደቱን አማካይ ያሳያል። የላይኛውና የታችኛው ገደብ ደግሞ ከመካከሉ በሦስት ሲግማ ርቀት ይሰመራሉ፤ ሲግማ የመዋዠቁ መለኪያ ነው። ገደቦቹ የሚሰሉት ከሂደቱ ከራሱ መረጃ ነው። ደንበኛው ወይም የደረጃዎች መሥሪያ ቤቱ ካስቀመጠው የምርት መስፈርት ጋር ማደባለቅ፣ እንደ እኔ ግምት፣ በዚህ ሙያ ውስጥ በብዛት የሚታየው ስህተት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹን ለማስረጃ ያህል ያዘጋጀኋቸው እኔው ነኝ። አንድ ፋብሪካ ግማሽ ሊትር ውሃ ያሽጋል። በየግማሽ ሰዓቱ አምስት ጠርሙስ ይነሳና የውሃው ክብደት በግራም ይመዘናል። የአምስቱ አማካይ በላይኛው ቻርት ላይ፣ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በታችኛው ቻርት ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል። ቀደም ባሉት ሳምንታት አማካዩ 502 ግራም፣ የልዩነቶቹ አማካይ ደግሞ 5.2 ግራም ነበር። ለአምስት ጠርሙስ ናሙና የተቀመጠው ቋሚ ቁጥር 0.577 ነው፤ በ5.2 ሲባዛ 3 ግራም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የላይኛው ገደብ 505፣ የታችኛው 499 ነው፤ አንድ ሲግማ ማለት እዚህ ላይ አንድ ግራም ነው።

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ። ስልኩ ከታች ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ከተነሳ የቻርቱ የላይኛው ክፍል ይጠብባል፤ እኩል የነበሩ ርቀቶች እኩል አይመስሉም። ወረቀቱ ከተጠቀለለም መስመሮቹ ይጎብጣሉ። ሆኖም ፎቶው የማያበላሻቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የነጥቦቹ ቅደም ተከተል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ነጥቡ ከተሰመረው መስመር በየትኛው ወገን እንዳለ ነው፤ ከመስመሩ በታች የነበረ ነጥብ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያጋድል ከመስመሩ በታች ይታያል። የሚያታልለው ርቀቱ ነው። ስለዚህ በስልኩ መስታወት ላይ ማስመሪያ ማጋደም አይጠቅምም፤ ዓይን ራሱን የተሰመረውን መስመር መከተል አለበት። ርቀት የግድ ካስፈለገ በወረቀቱ ላይ የታተሙትን ካሬዎች እዚያው ነጥቡ አጠገብ መቁጠር ይሻላል።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ከቻርቱ ሥር በእጅ የተጻፉትን ቁጥሮች ማንበብ ነው። በምሳሌያችን ስድስተኛው ነጥብ የአምፖል ብርሃን አርፎበታል፤ የላይኛውን ገደብ ያለፈ ይመስላል። ከሥሩ የተጻፉት አምስት ክብደቶች 504፣ 506፣ 503፣ 507 እና 503 ናቸው። ተደምረው 2523፣ ለአምስት ሲካፈሉ 504.6 ይሆናሉ። ነጥቡ ገደቡን አላለፈም፤ የውሸት ማንቂያ ነበር።

እውነተኛው ምልክት ዓይን የማይስበው ቦታ ላይ ነው። ከ13ኛው ነጥብ ጀምሮ አማካዮቹ 501.6፣ 501.2፣ 501.8፣ 500.8፣ 499.8፣ 501.4፣ 499.6 እና 501.2 ናቸው። አንዳቸውም ከ499 አልወረዱም፤ የፈረቃ ኃላፊው እውነቱን ነው። ነገር ግን ስምንቱም ከመካከለኛው መስመር በታች ናቸው። ሂደቱ ካልተለወጠ አንድ ነጥብ ከመስመሩ በላይ ወይም በታች የመሆን ዕድሉ እኩል ነው። ስምንት ተከታታይ ነጥቦች በአንድ ወገን የሚሰለፉት በአማካይ ከ128 አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዌስተርን ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው የጥራት ቁጥጥር መጽሐፍ ውስጥ ይህ እንደ ምልክት ተቆጥሯል። ከሦስት ተከታታይ ነጥቦች ሁለቱ በአንድ ወገን ሁለት ሲግማን ካለፉም እንዲሁ ነው። 17ኛውና 19ኛው ነጥብ ከ500 በታች ስለሆኑ ይኸኛው ምልክት እንዲያውም በ19ኛው ላይ፣ ማለትም አንድ ነጥብ ቀድሞ ተሰጥቷል። ይሁንና የሁለት ሲግማ መስመር በቻርቱ ላይ ካልተሰመረ በፎቶ መገመት አደገኛ ነው፤ የስምንቱ ቆጠራ ግን ግምት አይፈልግም።

ደንብ በበዛ ቁጥር የውሸት ማንቂያውም እንደሚበዛ መርሳት የለብንም። ሦስት ሲግማን ብቻ የሚያይ ሰው ምንም ሳይለወጥ በአማካይ ከ370 ነጥብ አንዴ ይደነግጣል። አራቱን የዌስተርን ኤሌክትሪክ ደንቦች አንድ ላይ የሚጠቀም ግን ከ92 ነጥብ ገደማ አንዴ ይደነግጣል። የትኞቹን ደንቦች እንደምንጠቀም ፎቶው ከመምጣቱ በፊት መወሰን አለበት። ሥዕሉን አይቶ ደንብ የሚመርጥ ሰው የፈለገውን ያገኛል።

ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ከየት መጣ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ የታችኛው ቻርት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ከፎቶው ተቆርጦ የሚቀረውም እሱ ነው። የአማካዩ ገደቦች የሚሰሉት ከልዩነቶቹ ስለሆነ የታችኛው ቻርት ከታወከ የላይኛው ገደብ ራሱ አይታመንም። በምሳሌያችን የልዩነት ነጥቦቹ እንደ ወትሮው በ5 ግራም ዙሪያ ናቸው፤ ገደባቸው 11 ግራም ነው። አምስቱ ጠርሙሶች ከተለያዩ የመሙያ አፎች የተነሱ ናቸው እንበል። አንዱ አፍ ብቻ ቢደፈን ኖሮ ከዚያ የተሞላው ጠርሙስ ከሌሎቹ ስለሚቀል ልዩነቱ በሰፋ ነበር። ስላልሰፋ አምስቱም አብረው ወርደዋል ማለት ነው። ምክንያቱ ሁሉንም የሚነካ ነገር መሆን አለበት፦ የውሃው ግፊት፣ የማጠራቀሚያው ከፍታ ወይም መመዘኛው ራሱ።

ሰዓቱም ፍንጭ ይሰጣል። የመጀመሪያው ናሙና ከጠዋቱ 2፡00 ስለተነሳ 13ኛው ከቀኑ 8፡00 ላይ ነው። ፈረቃ የሚቀየርበት ሰዓት ስለሆነ አዲስ የገባውን ባለሙያ መጠርጠር ይቀናል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የቻርቱን ጠርዝ አሳዩኝ እላለሁ። በፎቶው ያልገባው የቀኝ ዳር በእርሳስ «8፡00 ሚዛን ተቀየረ» የሚል ማስታወሻ ይዟል። ማሽኑን ከመነካካት በፊት እነዚያኑ አምስት ጠርሙሶች በአሮጌውም በአዲሱም ሚዛን መመዘን ያስፈልጋል። አዲሱ በአንድ ግራም ገደማ ዝቅ ብሎ ካነበበ የተለወጠው ሙሌቱ ሳይሆን ልኬቱ ነው። ያኔም ቢሆን የትኛው ሚዛን ትክክል እንደሆነ የሚታወቀው ክብደቱ በተረጋገጠ ባለ 500 ግራም የልኬት ድንጋይ ነው፤ የተሳሳተው አሮጌው ከሆነ ለሳምንታት የተሞላው ጠርሙስ ሁሉ ከተጻፈው አንድ ግራም ያህል አንሶ ነበር፤ መካከለኛው መስመርም እንደገና መሰላት አለበት።