ደወሉ የት ድረስ ይታመናል?

አንድ የሉዶ ዳይስ ሲወረወር ከ1 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች እኩል ዕድል አላቸው። ሺህ ጊዜ ቢወረወርም ያው ነው፤ ውጤቱ በግራፍ ቢሰፍር ስድስት ተቀራራቢ ዓምዶች ይታያሉ እንጂ የደወል ቅርጽ አይወጣም። «ሙከራው ከበዛ ሁሉም ነገር ኖርማል ይሆናል» የሚሉ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሴንትራል ሊሚት ቴዎረም የሚናገረው ስለ ድምር ነው።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1733 አብርሃም ደ ሟቭር በሳንቲም ውርወራ ጀመረው፤ ላፕላስ አሰፋው፤ ስሙን ያወጣለት ደግሞ በ1920 ሃንጋሪያዊው ጆርጅ ፖያ ነው። ለዳይስ ሲነገር እንዲህ ይላል፦ አንዱ የሌላውን ውጤት የማይነካ ብዙ ዳይሶች ይደመሩ። ከድምሩ አማካዩ ይቀነስ፣ የቀረውም ለድምሩ ስታንዳርድ ዴቪየሽን ይካፈል። ዳይሶቹ በበዙ ቁጥር የዚህ ውጤት ስርጭት ወደ ኖርማል ከርቭ ይጠጋል።

ማካፈሉን ብዙዎች ይዘሉታል። የ100 ዳይስ ድምር አማካይ 350፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ 17 ገደማ ነው። ለ10,000 ዳይስ አማካዩ 35,000 ሲሆን ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ወደ 171 ያድጋል። ስለዚህ ዳይስ ሲጨመር ድምሩ ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የሚጠበው ድምሩ ለዳይሶቹ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው።

ሌላው ስህተት ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ያስደነግጣል። ሦስት ዳይስ ተወርውሮ 15 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል ስንት ነው? ቢቆጠር ከ216 አጋጣሚዎች 20ዎቹ ናቸው፤ 9.3 በመቶ። ከርቩ ልክ ከ15 ጀምሮ ሲለካ ግን 6.4 በመቶ ብቻ ይሰጣል። የዳይስ ድምር ከ14 ወደ 15 ይዘላል፣ ከርቩ ግን በመካከል ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። በመሆኑም ልኬቱ ከ14.5 መጀመር አለበት። ያኔ 8.8 በመቶ ይመጣል፤ ለሦስት ዳይስ ብቻ መጥፎ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ጫፍ ላይ ያለው ነው። አሥር ዳይስ ሁሉም 6 ወጥቶ ድምሩ 60 የመሆን ዕድሉ ከ60,466,176 አንድ ነው። ከርቩ ከ59.5 ጀምሮ ቢለካ ግን ከ350,000 አንድ ገደማ ይላል፤ ከእውነተኛው 170 እጥፍ ያህል ይበልጣል። መሃል ላይ ያው ከርቭ ጎበዝ ነው፦ ድምሩ ልክ 35 የመሆን ዕድሉ 7.27 በመቶ ሲሆን፣ ከርቩ 7.4 ገደማ ይገምታል።

ይህ የቴዎረሙ ጉድለት አይደለም። የገባው ቃል በእውነተኛው ዕድልና በግምቱ መካከል ያለው ልዩነት እየቀነሰ ወደ ዜሮ እንደሚሄድ ነው፤ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለቱም ቁጥሮች ኢምንት ስለሆኑ ልዩነታቸውም ኢምንት ነው። አንዱ የሌላው ስንት እጥፍ እንደሚሆን ግን ምንም አላለም። ብርቅ ውጤት ላይ ለሚወራረድ ሰው የሚያስፈልገው ደግሞ ይሄኛው ነው፤ ለአሥር ዳይስ ከሆነ አጋጣሚዎቹን በኮምፒውተር አንድ በአንድ መቁጠር ይሻለዋል።