ጅራቱ የማያልቀው ቁጥር

ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ መጣች። ጥያቄው 0.363636… ን ወደ ክፍልፋይ ለውጪ ይላል። እሷ 36/100 ብላ ጀምራ፣ አቃልላ 9/25 አድርሳዋለች። መምህሯ በቀይ ሰርዞባታል። «ጋሼ፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ።

የተሳሳተችው ሦስቱን ነጥቦች ሳታያቸው በማለፏ ነው። 36/100 ማለት 0.36 ነው፤ እዚያው ላይ ያበቃል። የተሰጣት ቁጥር ግን አያበቃም፤ ከ36 ቀጥሎ ሌላ 36፣ ከዚያም ሌላ 36 እያለ ይሄዳል። አስቸጋሪው ነገር ይኸው ነው። መጨረሻ የሌለውን ነገር እንዴት አድርገን በሁለት ሙሉ ቁጥሮች እንጽፈዋለን?

ዘዴው ጅራቱን በራሱ ጅራት ማጥፋት ነው። ቁጥሩን ሀ እንበለው። የሚደጋገሙት አሃዞች ሁለት ስለሆኑ በ100 እናባዛው፤ ነጥቡ ሁለት ቦታ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከዚያ ከላይኛው የታችኛውን እንቀንስ፦

```
100ሀ = 36.363636…
   ሀ =  0.363636…
 99ሀ = 36
```

ከነጥቡ በስተቀኝ ያለው ሁሉ ተጣፋ። ልጅቷ እዚህ ላይ አላመነችኝም። «አንዱን 36 ወደ ግራ ካሻገርነው ከላይኛው ጅራት አንድ 36 ይጎድል የለም?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጅራቱ የሆነ ቦታ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበረች፤ መጨረሻው ላይ ትርፍ ይቀር ነበር። ማለቂያ ስለሌለው ግን የሚጎድል የመጨረሻ 36 የለም። ሁለቱ ጅራቶች አሃዝ ለአሃዝ አንድ ናቸው። የፈራነው አለማለቁ ነው ሥራውን የሠራልን።

እንግዲህ ሀ = 36/99 ነው። ላዕሉንም ታህቱንም ለ9 ስናካፍል 4/11 ይሆናል። ግምት አይደለም፤ ልክ ራሱ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ካልኩሌተሩን ትተን በእጅ አካፈልን። 4 ለ11 አይደርስም፤ ዜሮ ጨምረን 40 እናድርገው። 40 ለ11 ሲካፈል 3 ደርሶ 7 ይቀራል። 70 ለ11 ደግሞ 6 ደርሶ 4 ይቀራል። ቀሪው 4 ሆነ ማለት ወደ ተነሳንበት ተመለስን ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ 3 እና 6 ከመፈራረቅ ሌላ ምርጫ የላቸውም። ልጅቷ ሦስተኛው ዙር ላይ እርሳሷን አስቀመጠች።

ልዩነቱ ጥቃቅን ይመስላል፤ ገንዘብ ላይ ሲደርስ ግን ይታያል። አንድ ሚሊዮን ብር ለ11 ወራሾች እኩል ይከፈል፤ አራቱ ወንድማማቾች ድርሻቸውን አንድ ላይ ይውሰዱ እንበል። 363,636 ብር ከ36 ሳንቲም ይደርሳቸዋል። 0.36 ላይ የቆረጠ አካፋይ ግን 360,000 ብር ሰጥቶ ያሰናብታቸዋል። 3,636 ብር ከ36 ሳንቲም ጠፋ ማለት ነው፤ ለዚህ ወንድማማች ይጣላል።

ብዙ ሰው የሚስተው በምን ማባዛት እንዳለበት ነው። በ100 ፈንታ በ10 ብናባዛው 3.636363… ይመጣል፤ ከዚያ ላይ 0.363636… ን ስንቀንስ 3.272727… ይተርፋል። ጅራቱ አልጠፋም። ከቀነሳችሁ በኋላ ጅራት ካያችሁ ማባዣችሁ ልክ አልነበረም ማለት ነው። አንድ አሃዝ ከተደጋገመ በ10፣ ሁለት ከሆነ በ100፣ ሦስት ከሆነ በ1000 ነው።

አፍ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ዜሮ ነጥብ ሦስት ስድስት፣ ተደጋጋሚ» ሲባል የሚደጋገመው 36 ነው ወይስ 6 ብቻ? በጽሑፍ ከሚደጋገሙት አሃዞች በላይ ሰረዝ ስለሚደረግ ይለያል፤ በንግግር ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 0.3666… ከሆነ 3 አንዴ ብቻ ስለሚመጣ መጀመሪያ እሱን ከነጥቡ ወደ ግራ ማሳለፍ አለብን፦

```
100ሀ = 36.666…
 10ሀ =  3.666…
 90ሀ = 33
```

ሀ = 33/90፣ ሲቃለል 11/30። ከ4/11 የተለየ ቁጥር ነው።

ዘዴው የሚሠራው ግን አሃዞቹ በወጥ ሥርዓት ለሚደጋገሙ ቁጥሮች ብቻ ነው። የ2 ስኩዌር ሩት 1.41421356… እያለ ምንም ዓይነት ዙር ሳይዝ ይሄዳል፤ የሚቀነስ መንታ ጅራት ስለሌለው ክፍልፋይም የለውም።

ልጅቷ ስትወጣ የሰጠኋትን ጥያቄ ለናንተም ልስጣችሁ። 0.999… ን በዚሁ መንገድ ሞክሩት። በ10 አባዝታችሁ ስትቀንሱ 9ሀ = 9 ይመጣል፤ ሀ ደግሞ 1 ነው። ለ1 የቀረበ ቁጥር አይደለም፤ ራሱ 1 ነው።