ከአራቱ ጠርሙስ በአንዱ

አንዲት የ58 ዓመት እናት ትኩሳትና ሳል ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ እንበል። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ከቀኝና ከግራ ክንዳቸው ለየብቻ ደም ያስቀዳል፤ ከእያንዳንዱ ክንድ ሁለት፣ በድምሩ አራት ጠርሙስ። አክታቸውም ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን ከላቦራቶሪ ስልክ ይደወላል። ከአራቱ ጠርሙስ በአንዱ ባክቴሪያ በቅሏል፤ ግራም ፖዘቲቭ፣ ክብ ክብ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተሰበሰበ።

ቤተሰቡ «ደማቸው ተመርዟል» ብሎ ይደነግጣል። ላይሆን ይችላል።

«ግራም» የሚለው ስም የዴንማርካዊው ሐኪም የሐንስ ክርስቲያን ግራም ነው። ግራም በ1884 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በርሊን ውስጥ በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን ሳንባ ሲመረምር ነው ይህን የማቅለም ዘዴ ያገኘው። ናሙናው በስላይድ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ይቀባል፣ አዮዲን ይጨመርበታል፣ በአልኮል ይታጠባል፣ በመጨረሻም ቀይ ቀለም ይፈስበታል። ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑ ባክቴሪያዎች የመጀመሪያውን ቀለም አይለቁም፤ ግራም ፖዘቲቭ የሚባሉት እነሱ ናቸው። የቀሩት ታጥበው ቀዩን ይይዛሉ። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ የሚነግረን ግን ቀለምና ቅርጽን እንጂ ስምን አይደለም።

የእኚህ እናት ጣጣም እዚህ ላይ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ዘለላ ሠርተው ከሚገኙት አንዱ ስታፍሎኮከስ ኦውሪየስ ነው፤ ደም ውስጥ ከተገኘ፣ በአንድ ጠርሙስ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ እንደ እውነተኛ በሽታ ይታያል። ሌላው ስታፍሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ የሁላችንም ቆዳ ነዋሪ ነው። ቆዳው በአልኮል ቢጸዳም በጸጉር ሥር የተደበቀው ይተርፍና ከመርፌው ጋር ወደ ጠርሙሱ ይገባል። ነርሷ ክንዱን ካጸዳች በኋላ የደም ሥሩን ደግማ በጣቷ ከዳሰሰች፣ ወይም ጸረ ተሕዋሱ እስኪደርቅ ካልጠበቀች፣ ዕድሉ ይጨምራል።

ሁለቱን የሚለየው የኮአጉሌስ ምርመራ ነው። ባክቴሪያው ከጥንቸል ፕላዝማ ጋር ተቀላቅሎ በ37 ዲግሪ ሙቀት ይቀመጣል፤ ኦውሪየስ ፕላዝማውን ያረጋዋል፣ ኤፒደርሚዲስ አያረጋውም። ውጤቱ እስኪደርስ ሐኪሙ የታማሚዋን ሁኔታ አይቶ ኦውሪየስን የሚሸፍን መድኃኒት ሊጀምር ይችላል። በኛ ምሳሌ ፕላዝማው አልረጋም፤ ሦስቱ ጠርሙሶችም ለአምስት ቀን ተጠብቀው ምንም አላበቀሉም። ይህ የቆዳ ብክለት ነው። ለእሱ ሲባል ቫንኮማይሲን መስጠት ኩላሊትን በከንቱ ለጉዳት ማጋለጥ ነው።

ፍርዱ ግን በባክቴሪያው ስም ብቻ አይሰጥም። ያው ኤፒደርሚዲስ ለኩላሊት እጥበት ካቴተር ከገባለት ወይም ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ካለው ሰው፣ ከሁለቱም ክንድ ደም ላይ ቢበቅል፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ በፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ መኖር የሚያውቅ ባክቴሪያ ነውና። ደም ከሁለት ቦታ የሚቀዳውም ለዚህ ነው። ከአንድ ክንድ ብቻ ተቀድቶ ኤፒደርሚዲስ ሲበቅል፣ ሐኪሙ የሚያነጻጽርበት ነገር ያጣል።

አክታ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ደም በጤና ጊዜ ከባክቴሪያ የጸዳ ሲሆን አፍ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ከአክታ «ባክቴሪያ በቀለ» ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም። ጥሩ ላቦራቶሪ ካልቸር ከማድረጉ በፊት ናሙናው ከሳንባ መምጣቱን ያጣራል። በማይክሮስኮፕ ዝቅተኛ ማጉያ በአንድ እይታ ከ10 በላይ የአፍ ሽፋን ሴሎች ከታዩ፣ በብዙ ላቦራቶሪዎች ናሙናው ምራቅ ተብሎ ይመለሳል። የእናታችን የመጀመሪያ ናሙና እንዲሁ ተመለሰ። ወዲያው አፋቸውን በውኃ ተጉመጥምጠው ከጥልቅ ስለው የሰጡት ሁለተኛው ግን ከ25 በላይ ነጭ የደም ሴሎች፣ ጥቂት የአፍ ሴሎችና ጫፋቸው የሾለ፣ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ግራም ፖዘቲቮች ነበሩበት። ካልቸሩም ኒሞኮከስ አበቀለ። ሳላቸውን፣ ትኩሳታቸውንና ራጁን አንድ ላይ የሚያስረዳው እሱ ነው።

ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ከአክታ ሲበቅል አብዛኛውን ጊዜ የአፍ ነዋሪ ነው፤ የሳንባ ምች የሚያመጣው ከስንት አንዴ ነው። ከደም ከበቀለ ግን ብክለት ነው ተብሎ አይተውም፤ መታከም አለበት። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ደግሞ በግራም ቀለም በደንብ ስለማይታይ የራሱን ምርመራ ይጠይቃል።

ለታማሚና ለአስታማሚ የሚቀረው እንግዲህ ይህ ነው፦ ነርሷ «ከሌላኛው ክንድም ልቅዳ» ስትል አትከልክሏት፤ አክታ ስትጠየቁም ምራቅ አትስጡ።