ሙሉ፣ ተከታታይና የልዩነት መጠባበቂያ ቅጂዎች፦ የመመለሻው ሰንሰለት የሚበጠስበት ቦታ

የመጠባበቂያ ቅጂ ብቃት የሚታወቀው ቅጂው በተወሰደበት ሌሊት ሳይሆን ዋናው ዲስክ ተበላሽቶ መረጃው በሚመለስበት ዕለት ነው። በዚያ ዕለት የሚያስፈልገው አንድ ቅጂ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በተለያዩ ሌሊቶች የተወሰዱ ቅጂዎች በቅደም ተከተል ተደራርበው አንድ ሙሉ መረጃ መስጠት አለባቸው። ይህ ጽሑፍ ሦስቱ የቅጂ ዓይነቶች እንዴት እንደሚያያዙ፣ ሰንሰለታቸው ያለ አንዳች የስህተት መልእክት እንዴት ሊበጠስ እንደሚችልና ይህ የሚከለከልበትን መንገድ ያብራራል። ለማሳያነት በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ በስፋት የሚሠራበት ጂኤንዩ ታር የተባለው ፕሮግራም ተወስዷል።

የሦስቱ ልዩነት፦ መነሻው

ሙሉ ቅጂ በተወሰደበት ጊዜ በፎልደሩ ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ ይይዛል፤ ስለዚህ ለመመለስ ሌላ ቅጂ አይሻም። ሌሎቹ ሁለቱ የሚይዙት የተለወጠውንና አዲስ የተፈጠረውን ብቻ ነው። የሚለያዩት ለውጡን ከየትኛው ቅጂ ጀምረው በመቁጠራቸው ነው። ኢንክሪሜንታል የሚባለው ተከታታይ ቅጂ፣ ከመጨረሻው ቅጂ ወዲህ፣ የዚያ ቅጂ ዓይነት ምንም ይሁን፣ የተለወጠውን ይይዛል። ዲፈረንሻል የሚባለው የልዩነት ቅጂ ግን ሁልጊዜ የሚቆጥረው ከመጨረሻው ሙሉ ቅጂ ወዲህ ነው።

በታር ይህ መነሻ የሚጻፈው በአንዲት ትንሽ የመዝገብ ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሏ የቀደመው ቅጂ የተወሰደበትን ጊዜና የእያንዳንዱን ፎልደር ዝርዝር ትይዛለች። መዝገቧ ከሌለች ወይም ባዶ ከሆነች ታር ሙሉ ቅጂ ይወስዳል፤ ካለች በእርሷ ላይ ከተጻፈው ጊዜ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ወስዶ መዝገቧን ያድሳል። የሚከተለው ትእዛዝ የመጀመሪያ ቀን ሙሉ ቅጂ፣ በማግስቱ ደግሞ ተከታታይ ቅጂ ይሰጣል።

```
cd /srv
tar -c -g data.snar -f sun.tar data
tar -c -g data.snar -f mon.tar data
```

በሁለቱ መስመሮች መካከል ከጥቅሉ ስም በቀር ልዩነት የለም። የልዩነት ቅጂ ለመውሰድም የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየሌሊቱ ከሙሉው ቅጂ የተገኘችው መዝገብ ትገለበጥና ታር በግልባጯ ይሠራል። ግልባጯ ስትታደስ ዋናዋ ሳትነካ በእሁዱ ጊዜ ላይ ትቆያለች። ስለዚህ የሰንሰለቱን ቅርጽ የሚወስነው የጥቅሉ ይዘት ሳይሆን መዝገቧ የምትራመድበት ወይም የምትቆምበት ጊዜ ነው።

የአንድ ሳምንት ስሌት

አንድ የምርምር ክፍል በሰርቨሩ ላይ 500 ጊጋባይት መረጃ አለው እንበል። እሁድ ሌሊት ሙሉ ቅጂ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደግሞ በየሌሊቱ ሌላ ቅጂ ይወሰዳል። በየቀኑ 10 ጊጋባይት የሚሆኑ ፋይሎች ይለወጣሉ፤ የሚለወጡትም በየቀኑ የተለያዩ ናቸው። ቅዳሜ ሌሊት ቅጂው ካለቀ በኋላ ዲስኩ ተበላሸ።

በተከታታይ ቅጂ ስድስቱ ሌሊቶች 60 ጊጋባይት ይይዛሉ፤ ከሙሉው ጋር 560 ይሆናል። በልዩነት ቅጂ ሰኞ 10፣ ማክሰኞ 20 እያለ ቅዳሜ 60 ይደርሳል፤ የስድስቱ ድምር 210፣ ከሙሉው ጋር 710 ጊጋባይት ነው። ለመመለስ ግን ተከታታዩ ሰባት ጥቅሎችን ሲጠይቅ የልዩነቱ የእሁድንና የቅዳሜን ሁለቱን ብቻ ይጠይቃል። የሚነበበው መጠን በሁለቱም መንገድ 560 ጊጋባይት ነው። በየቀኑ የሚለወጡት ያው ፋይሎች ቢሆኑ ኖሮ የልዩነቱ ቅጂ በየሌሊቱ 10 ጊጋባይት ላይ ይቆም ነበር፤ ሲመለስም 510 ብቻ ይነበብ ነበር። ስለዚህ ምርጫው ከመደረጉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው በቀን ምን ያህል ይለወጣል የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ የሚለወጠው ያው ነው ወይስ ሌላ የሚለውም ነው።

ከመጠኑ ይልቅ የሚከብደው የጥቅሎቹ ብዛት ነው። እያንዳንዱ ጥቅል በሚፈለግበት ቀን ያለ እንከን የመነበብ ዕድሉ 0.99 ቢሆንና የአንዱ መበላሸት ከሌላው ጋር ባይያያዝ፣ ሁለት ጥቅሎች አብረው የመነበብ ዕድላቸው 0.98 ያህል፣ ሰባቱ አብረው የመነበብ ዕድላቸው ግን 0.93 ያህል ነው። የጉዳቱ መልክም ይለያል። የረቡዕ የልዩነት ቅጂ ቢበላሽ የሚጠፋው የረቡዕ ሌሊት መልክ ብቻ ነው፤ ሐሙስና ከዚያ ወዲያ ያሉት አይነኩም። የረቡዕ ተከታታይ ቅጂ ቢበላሽ ግን ምሉእነቱ የተረጋገጠ የመጨረሻው መልክ የማክሰኞው ይሆናል፤ ከእርሱ በኋላ ያሉት ጥቅሎች ደህና ቢሆኑም የሚያርፉበት መሠረት ጎድሎአል።

ሲመለስ

ጥቅሎቹ የሚፈቱት ከአሮጌው ወደ አዲሱ በቅደም ተከተል ነው። በዚህ ጊዜ የመዝገቧ ይዘት አያስፈልግም፤ በቦታዋ ባዶው መሣሪያ `/dev/null` ይሰጣል።

```
cd /restore
tar -x -g /dev/null -f sun.tar
tar -x -g /dev/null -f mon.tar
```

እዚህ ላይ `-g` መረሳት የለበትም። ሰኞ የተደመሰሰ ፋይል በእሁዱ ጥቅል ውስጥ አለ። ታር `-g` ሲሰጠው የሰኞውን የፎልደር ዝርዝር አይቶ በዚያ ቀን ያልነበረውን ፋይል ያጠፋዋል፤ ካልተሰጠው ግን የተደመሰሱት ሁሉ ተመልሰው ከሕያዋኑ ጋር ይደባለቃሉ። በተመራማሪው ውድቅ የተደረገ የመረጃ ሠንጠረዥ እንደገና ወደ ትንተናው የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። የዚሁ ባሕርይ ሌላ ገጽታ ደግሞ አደጋ አለው፤ ጥቅሉ በሥራ ላይ ባለ ፎልደር ውስጥ ቢፈታ ከቅጂው በኋላ የተፈጠሩትን ፋይሎች ያጠፋል። ስለዚህ መመለስ የሚገባው ባዶ በሆነ ሌላ ቦታ ነው።

ድምፅ የሌለው መበጠስ

ጥቅል ከተበላሸ ቢያንስ ሲነበብ ስህተት ሊታይ ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ሰንሰለቱ ገና ሲሠራ የሚፈጠር ክፍተት ነው። ረቡዕ ሌሊት ታር ጥቅሉን በሰርቨሩ ላይ አዘጋጅቶ መዝገቧን አደሰ፤ ጥቅሉ ወደ መጠባበቂያው ዲስክ ሲገለበጥ ግን ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር ሥራው ተቋረጠ፤ በሰርቨሩ ላይ የነበረው ጊዜያዊ ጥቅልም ተጠረገ። መዝገቧ ግን «ረቡዕ ተወስዷል» ትላለች። ሐሙስ ታር ከረቡዕ ወዲህ ያለውን ብቻ ይወስዳል። ረቡዕ ተለውጠው ዳግም ያልተነኩ ፋይሎች በየትኛውም ጥቅል ውስጥ የሉም።

ሲመለስ ታር ስለዚህ አንዳች አይናገርም። የማክሰኞው፣ ቀጥሎም የሐሙሱ ጥቅል በሰላም ይፈታሉ። ረቡዕ የተፈጠሩት ፋይሎች ይጎድላሉ፤ ረቡዕ የታረሙት ደግሞ በቦታቸው አሉ፣ ይዘታቸው ግን የማክሰኞ ነው። የመጀመሪያው ጉድለት `tar -tvvGf thu.tar` በሚል ትእዛዝ ሊገኝ ይችላል። ትእዛዙ የየፎልደሩን ዝርዝር ሲያሳይ በጥቅሉ ውስጥ ባለው ፋይል ፊት `Y`፣ በፎልደሩ ነበረ ነገር ግን በዚህ ጥቅል ባልተካተተው ፊት `N` ያደርጋል። `N` የተባለ ፋይል ከቀደሙት ጥቅሎች በአንዱ ሊገኝ ይገባዋል፤ ከሌለ ሰንሰለቱ ክፍተት አለው። ሁለተኛው ጉድለት፣ ማለትም አሮጌ ይዘት ያለው ፋይል፣ በስም ዝርዝር አይታወቅም። የሚታወቀው ቅጂው በተወሰደ ጊዜ የእያንዳንዱ ፋይል የ`sha256sum` ዋጋ ተጽፎ ከሆነና ከተመለሰው ጋር ከተነጻጸረ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ

ክፍተቱ የተፈጠረው መዝገቧ ከጥቅሉ ቀድማ ስለተራመደች ነው። ስለዚህ መዝገቧ መራመድ ያለባት ጥቅሉ በመድረሻው ላይ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

```
cd /srv && cp data.snar new.snar &&
tar -c -g new.snar -f wed.tar data &&
sha256sum wed.tar > wed.sum &&
cp wed.tar wed.sum /backup/ &&
cd /backup && sha256sum -c wed.sum &&
mv /srv/new.snar /srv/data.snar
```

በየመስመሩ መጨረሻ ያለው `&&` ቀዳሚው ሥራ ካልተሳካ ቀጣዩ እንዳይፈጸም ያደርጋል። ረቡዕ መገልበጡ ቢከሽፍ የመጨረሻው መስመር አይደረስበትምና መዝገቧ በማክሰኞ ላይ ትቀራለች፤ የሐሙሱ ጥቅልም የሁለት ቀን ለውጥ ይይዛል። ታር በሚያነብበት ጊዜ የሚለወጥ ፋይል ሲገጥመው የመውጫ ቁጥሩ 1 ይሆናል፤ በዚህም ጊዜ ሥራው ይቆማል። ይህ በየሌሊቱ ከተደጋገመ መዝገቧ ስለማትራመድ ጥቅሉ እያደገ ይሄዳል፤ በሥራ ላይ ያለ ዳታቤዝ በፎልደሩ ውስጥ መኖሩንም ሊጠቁም ይችላል። እንዲህ ያለው ዳታቤዝ በራሱ መሣሪያ ወደ ፋይል ተገልብጦ ያ ፋይል ቢቀዳ ይመረጣል።

ይኸው ሥርዓት ሁለቱን መንገዶች ለማጣመርም ያስችላል። ከእሁዱ ሙሉ ቅጂ በኋላ መዝገቧ `sun.snar` በሚል ስም ለብቻ ትቀመጥ። ሰኞና ማክሰኞ ተከታታይ ቅጂ ይወሰዳል፤ ረቡዕ ግን የሚገለበጠው `data.snar` ሳይሆን `sun.snar` ይሆናል፤ የረቡዑ ጥቅል የልዩነት ቅጂ ሆነ ማለት ነው። ከሐሙስ ጀምሮ እንደገና በተከታታይ ይቀጥላል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ረቡዕ 30 ጊጋባይት ስለሚይዝ የሳምንቱ ድምር 580 ይሆናል፤ ከንጹሑ ተከታታይ በ20 ብቻ ይበልጣል። የቅዳሜን መልክ ለመመለስ የእሁድ፣ የረቡዕ፣ የሐሙስ፣ የዓርብና የቅዳሜ አምስት ጥቅሎች ይበቃሉ። ከረቡዕ በኋላ የሰኞ ወይም የማክሰኞ ጥቅል ቢጠፋ የሚቀረው የእነዚያ ቀናት መልክ እንጂ የሳምንቱ መጨረሻ አይደለም።

የእሁዱ ጥቅል ግን በሦስቱም አሠራሮች ምትክ የለውም። ቦታ ለማስለቀቅ አሮጌ ጥቅሎች ሲደመሰሱ ሙሉው ቅጂ ሊወገድ የሚገባው በእርሱ ላይ የተመሠረቱት ሁሉ አብረው በሚወገዱበት ጊዜ፣ ያውም ተከታዩ ሙሉ ቅጂ በባዶ ቦታ ተፈትቶ ከተመረመረ በኋላ ነው።