ንረትን ማብረድ ስንት ያስከፍላል?

የዋጋ ንረትን የማብረድ ወጪ በአብዛኛው የሚወሰነው ሰዉ ስለ ነገው ዋጋ ባለው ግምት ነው። ወለድ የሚያስወድደው ማዕከላዊ ባንክ ቢሆንም፣ ንረቱን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሻግሩት ደመወዝ የሚደራደረው ሠራተኛ፣ የዕቃ ዋጋ የሚቆርጠው ነጋዴና ኪራይ የሚጨምረው ባለቤት ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሚመጣውን ዓመት የሚገምቱበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ተከታይ ግምት ሊባል ይችላል። ሰው በአምናው ዘንድሮን ይለካል፤ አምና ዋጋ በ10 በመቶ ከጨመረ ዘንድሮም በዚያው ልክ ይጨምራል ብሎ ይዋዋላል። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ፊሊፕ ኬገን በ1956 ይህን በቀመር አስቀምጦታል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በእሱ አገላለጥ ሰው የተሳሳተበትን ያህል ግምቱን ጥቂት በጥቂት ያርማል እንጂ በአንድ ቀን አይገለብጠውም። ሁለተኛው መልሕቅ የጣለ ግምት ነው። መልሕቅ የጣለች መርከብ ማዕበል ቢያወዛውዛትም ከቦታዋ አትርቅም። እንዲሁም ቤንዚን ተወዶ የዘንድሮው ንረት 6 በመቶ ቢደርስ፣ ሰዉ «ይህ ያልፋል፤ ባንኩ ወደ 2 በመቶ ይመልሰዋል» ብሎ የሦስት ዓመት ውሉን በዚያ ሒሳብ ይፈርማል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲሰላ ይጎላል። ለምሳሌ የአንድ አገር ንረት 10 በመቶ ነው፤ ባንኩ ወደ 4 ሊያወርደው ተነሥቷል። ሥራ አጥነት ከተለመደው ደረጃ በ1 ነጥብ ከፍ ብሎ አንድ ዓመት ቢቆይ፣ ንረቱ ሰዉ ከጠበቀው በግማሽ ነጥብ ዝቅ ይላል ተብሎ ይታሰብ። የሁሉም ግምት ተከታይ ከሆነ የሚጠበቀው ንረት 10 ነውና፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 4 ላይ ለመድረስ ሥራ አጥነት በ12 ነጥብ መጨመር አለበት። ባንኩ ራርቶ ሸክሙን በሦስት ዓመት ቢከፋፍለውም ድምሩ አይቀንስም፤ በየዓመቱ 4 ነጥብ፣ ያው 12 ነው።

አሁን ግማሹ ሕዝብ ባንኩን አምኖ 4 ጠበቀ፣ ግማሹ አምናን ተከትሎ 10 ጠበቀ እንበል። አማካዩ ግምት 7 ይሆናል፤ ከ7 ወደ 4 ለመውረድ የሚያስፈልገው የአንድ ዓመት 6 ነጥብ ሥራ አጥነት ነው። በሁለተኛው ዓመት አምና የታየው ንረት 4 ስለሆነ ተጠራጣሪዎቹም 4 ይጠብቃሉ፤ ነገሩ ያበቃል። ሁሉም ከመጀመሪያው ቢያምን ኖሮ በወረቀት ላይ ያለው ወጪ ዜሮ ነበር። የወለዱ መጠንም ሆነ የባንኩ ሥልጣን በሦስቱም ስሌት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያምነው ሰው ቁጥር ብቻ ነው።

ኢኮኖሚስቶች ይህን ወጪ የመሥዋዕትነት ምጣኔ ይሉታል፤ ንረትን በ1 ነጥብ ለማውረድ ከአንድ ዓመት ጠቅላላ ምርት ስንት በመቶው ይታጣል የሚል ልኬት ነው። ለአሜሪካ በተለመደው ግምት፣ 1 ነጥብ ተጨማሪ ሥራ አጥነት ለአንድ ዓመት ሲቆይ 2 በመቶ ያህል ምርት ይታጣል። ስለዚህ ማንም በማያምንበት ምሳሌ 12 ነጥቡ 24 በመቶ ምርት ነው፤ ለ6 ሲካፈል ምጣኔው 4 ይሆናል። ግማሹ ባመነበት ደግሞ 2።

በእውነተኛው ዓለም ለዚህ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የፖል ቮልከር ዘመን ነው። ቮልከር በነሐሴ 1979 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነውን ፌዴራል ሪዘርቭን ሲረከብ፣ ንረቱ ከ11 በመቶ አልፎ ነበር፤ በመጋቢት 1980 14.8 በመቶ ደረሰ። የቀደሙት አሥርት ዓመታት ልምድ ለባንኩ ቃል የማይመች ነበር። በ1970ዎቹ ባንኩ ወለድ ያስወድዳል፤ ሥራ አጥነት ከፍ ማለት ሲጀምር ይለሳለሳል፤ ንረቱም ከበፊቱ ከፍ ብሎ ይመለሳል። በዚህ መሀል በአረብ ብረትና በመኪና ኢንዱስትሪ የነበሩ የሠራተኛ ማኅበራት ለሦስት ዓመት የሚጸና ውል ይፈርሙ ነበር፤ በውሉ ውስጥ የኑሮ ውድነት ሲጨምር ደመወዝም አብሮ የሚጨምርበት አንቀጽ ነበረ። ተከታይ ግምት በሰው ልብ ብቻ ሳይሆን በፊርማ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው።

ቮልከር ጥቅምት 6 ቀን 1979፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ባንኩ ከእንግዲህ የገንዘቡን መጠን እንደሚቆጣጠር፣ ወለዱም የሚደርስበት ይድረስ ብሎ እንደሚተወው አስታወቀ። ወለዱ ሽቅብ ወጣ። በ1980 የጸደይ ወራት ግን መንግሥት የብድር ገደብ ሲጥል ኢኮኖሚው በድንገት ተንገራገጨ፤ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ወለድ ከ17 በመቶ በላይ ከነበረበት በበጋው ወደ 9 በመቶ ወረደ። ንረቱ በዚያ ጊዜ ገና ከ13 በመቶ አልወረደም። የገበያው ሰው የተረጎመው ባንኩ እንደ ለመደው ለሰስ አለ ብሎ ነው፤ መተርጎሙም አያስወቅሰውም። የዚያ በጋ ማመንታት የዘመቻው ውዱ ስሕተት ነበር ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ሥራው እንደገና ከሀ ተጀመረ። ወለዱ በ1981 ወደ 19 በመቶ ተመለሰ። የቤት ገንቢዎች ሥራ ፈት የሆነ እንጨታቸውን እየቆረጡ ለባንኩ በፖስታ ላኩ፤ በዕዳ የተያዙ ገበሬዎች ትራክተራቸውን ዋሽንግተን ድረስ ነድተው የባንኩን ሕንፃ ከበቡ። በ1982 ማብቂያ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደረሰ።

ሒሳቡን ግሪጎሪ ማንኪው በመማሪያ መጽሐፉ ሠርቶታል። ከ1982 እስከ 1985 ባሉት አራት ዓመታት ሥራ አጥነት የተለመደ ተብሎ ከተያዘው 6 በመቶ በላይ የሄደበት ሲደመር 9.5 ነጥብ ይሆናል። ይህ በ2 ሲባዛ 19 በመቶ ምርት ነው። በእሱ መለኪያ ንረቱ ከ9.7 ወደ 3 በመቶ፣ ማለትም በ6.7 ነጥብ ወረደ። 19 ለ6.7 ሲካፈል 2.8 ይሰጣል። ከዚያ በፊት በ1978 አርተር ኦከን የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ፣ 1 ነጥብ ንረት ለመቀነስ ወደ 10 በመቶ ምርት ይታጣል ብሎ ነበር። ቮልከር ከዚያ እጅግ ያነሰ ከፈለ፤ ዜሮ ግን አልከፈለም። ከላይ ካለው ምሳሌ ጋር ሲተያይ፣ 2.8 ከፊሉ ባመነበትና ማንም ባላመነበት መካከል ያለ ቁጥር ነው።

አለማመኑ ምን ያህል እንደቆየ ከሁሉ በላይ የሚመሰክረው የአሥር ዓመት የግምጃ ቤት ቦንድ ነው። ለአሥር ዓመት ገንዘቡን የሚያበድር ሰው፣ ንረት ይበላብኛል ብሎ የሚፈራውን ያህል በወለዱ ላይ ይጨምራል። በ1984 አጋማሽ ንረቱ 4 በመቶ አካባቢ ነበር፤ የአሥር ዓመቱ ቦንድ ወለድ ግን ከ13 በመቶ በላይ ነበር። ከንረቱ መውረድ በኋላ እንኳ አበዳሪው «ይመለሳል» እያለ ነበር። ወለዱ ከ8 በመቶ በታች የወረደው በ1986 ነው።

ማመን ብቻውን ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። ቶማስ ሳርጀንት በ1982 ባሳተመው ጥናት፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኦስትሪያ፣ በሀንጋሪ፣ በፖላንድና በጀርመን የነበረው እሳት የሆነ ንረት ከተለመደው ስሌት እጅግ ባነሰ ወጪ በድንገት እንደቆመ አሳይቷል። የቆመውም መንግሥታቱ የበጀት ጉድለታቸውን በኅትመት ገንዘብ መሙላት ሲያቆሙና ማዕከላዊ ባንኩ ለመንግሥት ከማበደር ሲከለከል ነው። ነገር ግን ዋጋ በየቀኑ በሚለወጥበት አገር የሦስት ዓመት ውል የሚፈርም የለም፤ ስለዚህ የሚሰብሩት አሮጌ ውል አልነበረም። አሜሪካዊው ሠራተኛ ግን ባንኩን በሙሉ ልቡ ቢያምን እንኳ አምና የተፈረመው ውል ዘንድሮም ደመወዙን ያሳድጋል። በ1990ዎቹ የተደረጉ የአገሮች ንጽጽሮችም ሕልመኞችን አሳፍረዋል፦ በሕግ ነፃ የሆኑ ማዕከላዊ ባንኮች ያሏቸው አገሮች ንረትን ያወረዱት በርካሽ አልነበረም። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ ንረት በቀነሰበት አገር ውሎች ይረዝማሉ፣ ዋጋም ቶሎ አይንቀሳቀስም የሚል ነው። ነፃነት በአዋጅ ይሰጣል፤ ተአማኒነት ግን ባንኩ ሲፈተን አይቶ ሕዝቡ የሚሰጠው ነው።

መልሕቁ መያዙ የሚታወቀው የአጭር ጊዜው ግምት ሲናወጥ የረጅም ጊዜው ጸንቶ ሲቆም ነው። በ2022 ይህ በግልጽ ታየ። የአሜሪካ ንረት በሰኔ 9.1 በመቶ ደረሰ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በየወሩ ለሸማቾች በሚያቀርበው መጠይቅ፣ ለሚመጣው አንድ ዓመት የሚጠበቀው ንረት በዚያ የጸደይ ወቅት ከ5 በመቶ በላይ ወጣ፤ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ላለው ጊዜ የሚጠበቀው ግን 3 በመቶ አካባቢ ቀረ። በ1980 ቢሆን ሁለቱም አብረው ይወጡ ነበር። ፌዴራል ሪዘርቭ ከ2012 ጀምሮ 2 በመቶ የሚል የታወጀ ግብ ነበረው፤ ቮልከር እንዲህ ያለ ቁጥር አልነበረውም።

ብዙዎች ግን የቮልከርን ሒሳብ ጠብቀው ነበር። ላሪ ሳመርስ በሰኔ 2022 ንረቱን ለማውረድ ሥራ አጥነት ለአምስት ዓመት ከ5 በመቶ በላይ፣ ወይም ለአንድ ዓመት 10 በመቶ መሆን እንዳለበት ተናግሮ ነበር። ባንኩ ወለዱን በመጋቢት 2022 ከዜሮ አካባቢ አንሥቶ በሐምሌ 2023 ከ5.25 እስከ 5.5 በመቶ አደረሰው። የወደብና የዕቃ አቅርቦት መጨናነቅ መፍታቱ፣ የነዳጅ ዋጋ መርገቡም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ከውጤቱ ስንቱ የእነሱ፣ ስንቱ የመልሕቁ እንደሆነ ኢኮኖሚስቶች ዛሬም ይከራከራሉ። በታኅሣሥ 2023 ንረቱ 3.4 በመቶ ነበር፤ ሥራ አጥነት በዚያ ዓመት በሙሉ ከ4 በመቶ አላለፈም።